ያልተገበያየ አክሲዮን በኤክሴል ላይ ለምን ደህና ይመስላል?

ሦስት አክሲዮኖች የያዘ ባለሀብት ገንዘቡን እንዴት እንደሚያከፋፍል ኤክሴል በጥቂት ደቂቃ ያሰላለታል። ስሌቱ ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው ነው። ለእያንዳንዱ የትርፍ መጠን ከሁሉም ያነሰውን ሥጋት የሚሰጡ ድርሻዎች ሲያያዙ ኤፊሸንት ፍሮንቲየር የሚባለው መስመር ይወጣል። ጄምስ ቶቢን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ከሥጋት ነፃ የሆነ ሀብት ሲጨመር ምርጫው እንዴት እንደሚቀልል አሳየ።

ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ እንውሰድ። “ሀ” በዓመት 20 በመቶ፣ “ለ” 15 በመቶ፣ “ሐ” 12 በመቶ ትርፍ ይጠበቅባቸዋል። የዋጋቸው መዋዠቅ በቅደም ተከተል 30፣ 20 እና 15 በመቶ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ 8 በመቶ ይከፍላል። “ሀ” እና “ለ” 0.5 ዝምድና አላቸው፤ “ሐ” ከሁለቱም ጋር ያለው 0.2 ብቻ ነው።

የስልሳ ወር ትርፍ በF፣ G እና H ዓምዶች ተጽፏል። ኮቫሪያንሱ፣ ማለትም ሁለት አክሲዮኖች አብረው የሚንቀሳቀሱበት መጠን፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ይሰላና በK2:M4 ይሞላል። ወርሃዊው ቁጥር በ12 ይባዛል። ይህን ረስቶ የዓመት ወለድን ከወር ትርፍ ላይ የሚቀንስ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ውጤቱም ትርጉም አይኖረውም። የሚጠበቀው ትርፍ በN2:N4፣ የሰነዱ ወለድ በP1 ይቀመጣል።

```
=COVARIANCE.S(F$3:F$62,G$3:G$62)*12
=MMULT(MINVERSE(K2:M4),N2:N4-P1)
=Q2/SUM(Q$2:Q$4)
```

የመጀመሪያው መስመር የ“ሀ” እና የ“ለ” ኮቫሪያንስ ነው። ሁለተኛው በQ2:Q4 ይገባል፤ በቀድሞዎቹ የኤክሴል እትሞች ሦስቱን ሕዋሶች መርጦ Ctrl+Shift+Enter መጫን ያስፈልጋል። ሦስተኛው ድርሻውን ይሰጣል፦ “ሀ” 31፣ “ለ” 30፣ “ሐ” 39 በመቶ። የዚህ ቅንብር ትርፍ 15.4፣ ሥጋቱ 15.7 በመቶ ነው። ከሰነዱ ተነስቶ ፍሮንቲየሩን የሚነካው ቀጥታ መስመር የሚያርፈው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ገንዘቡን በሰነዱና በዚህ ቅንብር እኩል የከፈለ ሰው 11.7 በመቶ ትርፍ በ7.9 በመቶ ሥጋት ያገኛል።

መስመሩን ለመሳል ሌላ አንድ ነጥብ ይበቃል። በሁለተኛው ፎርሙላ በN2:N4-P1 ቦታ ሦስት አንዶች ሲገቡ ከሁሉም ያነሰ ሥጋት ያለው ቅንብር ይወጣል፤ ትርፉም ሥጋቱም 13.1 በመቶ ነው። የሁለቱ ቅንብሮች ቅልቅል ፍሮንቲየሩን ይሠራል።

እስከዚህ ያለው ሒሳብ ነው። ነጋዴውን ሊያከስር የሚችለው ያ 0.2 ነው። ኤክሴል ትልቁን ድርሻ ለ“ሐ” የሰጠው ትርፉ ስለሚበልጥ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ነው። ነገር ግን “ሐ” በብዙ ወራት ሻጭና ገዢ ያላገኘ ቢሆንስ? ገበያው ሲወድቅ የ“ሐ” ዋጋ እንዳለ ይቆይና ከወር በኋላ አንድ ሰው ሲሸጥ ይወርዳል። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ ውድቀቶች በተለያየ ረድፍ ስለሚጻፉ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ።

የ“ሐ” ትክክለኛ ዝምድና 0.6 ነው እንበል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። ያ 39 በመቶ የተሰጠው ቅንብር እውነተኛ ሥጋት 17.9 በመቶ ነው። ፎርሙላው እንደገና ሲሠራ ደግሞ የ“ሐ” ድርሻ 24 በመቶ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ይህም ተበድረህ ሽጠው እንደማለት ነው። ያ በማይቻልበት ገበያ Solver ድርሻዎቹ ከዜሮ እንዳያንሱና ድምራቸው አንድ እንዲሆን ታዞ ይሠራል። መልሱም “ሀ” ግማሽ፣ “ለ” ግማሽ፣ “ሐ” ምንም ነው። አንድ ሚሊዮን ብር ላለው ሰው ልዩነቱ “ሐ” ላይ የሚውለው 390 ሺህ ብር ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። =COUNTIF(H3:H62,0) ዋጋው ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰባቸውን ወራት ይቆጥራል። ቀጥሎ በሦስት ወር የተሰላ ትርፍ ይወሰድና CORREL ይደገማል። ዝምድናው ከ0.2 ወደ 0.5 ወይም 0.6 ከዘለለ ወርሃዊው ቁጥር አታላይ ነበር፤ ኮቫሪያንሱም ከሦስት ወሩ ተሰልቶ በ4 ይባዛል። እርግጥ ስልሳው ወር ሃያ ረድፍ ብቻ ስለሚሆን ይህም ቁጥር ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ከውሸተኛው ይሻላል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ገበያ የተገኘ የስልሳ ወር ዋጋ ከ2022 ዓ.ም. በፊት ሊኖር አይችልም። ከዚያ በፊት በጥቂት ወራት ዋጋ የተሠራ ፍሮንቲየር ይዞ የሚመጣ ደላላ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ከመስመሩ በፊት የዜሮዎቹን ቁጥር ነው።