የሚኒ ሚዲያ ዜና፦ የትኛው ይቅደም?

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ለዛሬ ሦስት ዜና አለን፦ ርእሰ መምህሩ እንግዶች ተቀበሉ፣ የእግር ኳስ ቡድናችን አሸነፈ፣ የነገው የሒሳብ ፈተና ወደ ሐሙስ ተዛወረ። እንዴት እንደርድራቸው?

መልስ፦ ፈተናው ይቅደም፤ ተማሪው ዛሬ ማታ የሚያጠናውን የሚለውጠው እሱ ነውና። የርእሰ መምህሩ ዜና በሥልጣናቸው ምክንያት ብቻ ሊቀድም አይገባም፤ መሐል ይግባ። ኳሱ ይዝጋ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዜና አንባቢዋ ወደ ዘጋቢው የሚወስደው መሸጋገሪያ ነው። ዜና አንባቢዋ «ቡድናችን 2 ለ 1 አሸነፈ» ብላ ዘጋቢውም ያንኑ ከደገመ ሰሚው ይሰለቻል። ውጤቱን እሷ ትናገር፤ ዘጋቢው የማሸነፊያው ጎል እንዴት እንደገባ ከመናገር ይጀምር። ስለዚህ መሸጋገሪያው የሚጻፈው የዘጋቢው ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ነው።

በመዝጊያው አዲስ ወሬ አይጨመርም። በእረፍት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ተማሪ አይጠፋምና «የሒሳብ ፈተናው ሐሙስ መሆኑን በድጋሚ እናስታውሳለን። ዜናው ይኸው ነበር፤ ሰላም ዋሉ» ብላ አንባቢዋ ትሰናበት። ስክሪፕቱን ከስርጭቱ በፊት ጮክ ብላ እንድታነበው ያድርጉ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥራት ዓረፍተ ነገር ካለ ለሁለት ይክፈሉት።