ከሂሳቤ ላይ አሥር ጊዜ የተቆረጠው ገንዘብ

እህቶቼ፣ እዚህ ዱባይ ባንክ ቤት የገጠመኝን ላጫውታችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማልና።

በአንድ ወር ውስጥ ከሂሳቤ ላይ አሥር ጊዜ ገንዘብ ተቆረጠ። ድምሩ 37.80 ድርሃም ነው። ካርዴን አንዳንዴ አብራኝ ለምትኖረው ልጅ እሰጣት ስለነበር፣ እውነቱን ልናገርና እሷን ጠረጠርኳት። ሌባ ግን እንዲህ ሳንቲም አይለቅምም ብዬ የወሩን የሂሳብ ዝርዝር አሳትሜ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ VAT የሚለውን መስመር ፈለግሁ። ይህ መንግሥት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያስከፍለው 5 በመቶ ግብር ሲሆን፣ ባንኩ ከክፍያው ለይቶ በሌላ መስመር ይጽፈዋል። 25 ድርሃም ከተቆረጠ ከሥሩ 1.25 አለ። እያንዳንዱን ከጌታው ጋር ሳገጣጥም አሥሩ መስመር አምስት ክፍያ ሆነ፤ አምስቱም ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው።

አንደኛው፣ በሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ማውጣት ነው። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ካለው ማሽን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ 400፣ 400 አወጣሁ። በየጊዜው 2.10፣ በድምሩ 6.30 ሄደ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ሁለተኛው፣ ስልኬ ላይ ለሚመጣው መልእክት 5.25 ነው። ይህን አላስቆረጥኩም፤ ሰው ካርዴን ቢነካ ወዲያው ይነግረኛል።

ትልቁ 26.25 ነው። ሂሳቡ በወር በአማካይ 3,000 ድርሃም ካልያዘ የሚቆረጥ ነው። እኔ ደመወዜ 1,200 ሲገባ 1,400 ይኖረኛል፤ በአራተኛው ቀን አውጥቼ ለቤተሰብ ስልክ 200 ይቀራል። ሦስት ቀን 1,400፣ ሃያ ሰባት ቀን 200፤ ተደምሮ ለ30 ሲካፈል አማካዩ 320 ነው። 3,000 ከየት ይምጣ?

ባንክ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ የደመወዝ ሂሳብ ከሆነ ይህ ክፍያ እንደማይነካው ነገሩኝ። የእኔ ግን ማዳም ከራሷ ሂሳብ በስልኳ ስለምትልክልኝ፣ ባንኩ ደመወዝ መሆኑን አያውቅም፤ ከሰው የተላከ ተራ ገንዘብ ነው የሚመስለው። ማዳም የደመወዜን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋልኝ ሂሳቡን አስቀየርኩ። ያለፈውን ግን አልመለሱልኝም። ሁሉም ባንክ አንድ ዓይነት ደንብ የለውምና፣ «ሂሳቤ የደመወዝ ነው ወይስ ተራ?» ብላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ።

በሚቀጥለው ወር ከራሱ ከባንኩ ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ አወጣሁ። የተቆረጠብኝ የመልእክቱ 5.25 ብቻ ሆነ። ወረቀቱን ለዚያች ልጅ አሳየኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ካርዴን ግን ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም፤ እሷንም ከጥርጣሬ ያድናታል።