ቅሬታ ወደ ንቀት ሳይለወጥ፦ የቅዳሜ ማታው ንግግር

«ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ቃሉ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ነገር ግን ሆድ ውስጥ የቀረ ቅሬታ ሁሉ አይፈጭም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲከራከሩ በካሜራ እየቀረጸ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ለፍቺ ከሚያደርሱት ምልክቶች ብርቱው ጩኸት ሳይሆን ንቀት ሆኖ አገኘው፦ አሽሙር፣ መሳለቅ፣ አፍንጫ መንፋት። ንቀት ደግሞ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ሳይነገር ከከረመ ቅሬታ ነው የሚወጣው።

ጎትማን የሚመክረው በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ንግግር ነው። እዚህ አሽቀሎን ለብዙዎቻችን የሚመቸው ሰንበት ሲወጣ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። ቡና ይፈላ፤ ግን ጎረቤት አይጠራ። መጀመሪያ እያንዳንዱ በሳምንቱ ያመሰገነውን አምስት ነገር ለሌላው ይናገራል። ከዚያ አንድ ቅሬታ ብቻ ይነሣል።

ለምሳሌ ብለን ያዘጋጀነውን እንይ። ባል ለሚስቱ ሳይነግር ጎንደር ላለው ወንድሙ 500 ሼቅል ላከ። እሷ ከባንክ ሒሳባቸው ላይ አይታ ዝም አለች። በሦስተኛው ወር «አንተማ የወንድምህ ባንክ ነህ፤ ለእኛ ሲሆን ነው ኪስህ የሚቀደደው» አለችው። ይህ ቅሬታ መሆኑ ቀርቷል፤ ሰውየውን ማዋረድ ሆኗል። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ማለት ትችል ነበር፦ «ሐሙስ 500 ሼቅል መውጣቱን አየሁ። ሳልሰማ በመሆኑ እንደ ባዕድ ተሰማኝ። ከመላክህ በፊት ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።» የሆነው ነገር፣ የተሰማት ስሜት፣ የምትፈልገው ነገር፤ ሌላ የለበትም።

የእሱ ሥራ መልስ መስጠት አይደለም። «ያንቺስ እናት?» ካለ ንግግሩ እዚያው ሞተ። «የከፋሽ ገንዘቡ ሳይሆን አለመንገሬ ነው፤ ልክ ነኝ?» ይበል። «አዎ፤ ደግሞ የኪራይ ቀን ደርሶ ነበር» ካለች ያንንም ይድገመው። እሷ «አዎ፣ ገብቶሃል» ካለች በኋላ ተራው የእሱ ነው። ወንድሙ ታሞ እንደነበረና ለመናገር እንዳፈረ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ስምምነቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ፦ እስከ 300 ሼቅል ራሱ ይወስን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አስቀድሞ ይደውል። መጨረሻ ላይ «በሚመጣው ሳምንት እንደምወድሽ እንዲሰማሽ ምን ላድርግ?» ብለው ይጠያየቃሉ።

ልብ መምታት ከጀመረ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አቁሙ፤ የምትመለሱበትን ሰዓት ግን ተናገሩ፣ አለዚያ መሸሽ ይሆናል። መሥራቱን የምናውቀው ጠብ በመጥፋቱ አይደለም፤ የሚነሣው ቅሬታ የዚህ ሳምንት መሆን ሲጀምር ነው እንጂ። «የዛሬ ሦስት ዓመት በሠርጉ ቀን» የሚል ከመጣ፣ ገና የቆየ ዕዳ እየተከፈለ ነው።

ሽማግሎቻችን ቦታቸውን አያጡም፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ነገሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚፈራ ከሆነ ደግሞ ይህ ንግግር አይጀመር፤ ቅሬታ መናገር ራሱ ለዱላ ምክንያት ሊሆን ይችላልና። በዚያ ቤት መጀመሪያ የሚደወለው ወደ ደኅንነት ሚኒስቴር መስመር 118፣ አደጋው አሁን ከሆነ ወደ ፖሊስ 100 ነው።