የጣሪያ ጥገና ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

በዛሬው የቋንቋ አምዳችን የሥራ ደብዳቤን እናያለን። ምሳሌያችን አንድ ርዕሰ መምህር ለወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት የሚጽፉት የጣሪያ ጥገና ጥያቄ ነው።

ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ሰቆጣ ቢሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ጣሪያውን አላየውም። «ጣሪያችን በጣም ተበላሽቷል፣ ተማሪዎች ተቸግረዋል» ብቻ ብንለው ምንም አልነገርነውም። ሌላውም ት/ቤት እንደዚሁ ብሎ ይጽፍለታላ! እሱ ማወቅ የሚፈልገው ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ነው። ስለዚህ ወረቀት ከማንሳት በፊት ወደ ላይ ማንጋጠጥ ይቀድማል።

እኛ ጋ ዋግ ላይ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ት/ቤት ዝግ ነው። «ልጆቹ በሌሉበት ቢያፈስ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ክፍሉ ውስጥ ዴስክና መጻሕፍት አሉ። የጭቃ ግድግዳም ከላይ ውሃ ከገባበት እየራሰ ይናዳል። መስከረም ስንመለስ የምናገኘው የደረቀ ምልክቱን ብቻ ነው።

ደግነቱ ቀዳዳ ለማግኘት ዝናብ አያስፈልግም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው። እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ የሚለው ሁሉ ቀዳዳ ነው። ብርሃኑ በምስማር ዙሪያ ብቻ ከሆነ ምስማሩ ላልቷል ወይም ጎማው ተበልቷል፤ ቆርቆሮው ገና ደህና ስለሆነ ምስማርና ጎማ መቀየር ይበቃል። ብርሃኑ በብዙ ቦታ ተበታትኖ ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ዝጓል፤ መለወጥ አለበት። እንጨቱ ጠቁሮ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ በስብሷል። በበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ቢመታ ምስማሩ አይይዝም፣ ንፋስ ያነሳዋል።

አሁን እንቁጠር። ክፍላችን በአንድ ረድፍ 11 ቆርቆሮ አለው እንበል። በአንድ በኩል 2 ረድፍ፣ ጣሪያው ደግሞ ሁለት በኩል አለው። 11 × 2 × 2 = 44። ከነዚህ 14ቱ ዝገዋል፣ 2 ሞራሌ በስብሷል። ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

ቁጥር፦ 041/17
ቀን፦ ጥር 12/2017 ዓ.ም

ለሰቆጣ ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት
ሰቆጣ

ጉዳዩ፦ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ጥገና እንዲደረግልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው በት/ቤታችን የ3ኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ጣሪያ ካለው 44 ቆርቆሮ 14ቱ በዝገት ተበስተዋል፤ 2 ሞራሌም በስብሷል። በክፍሉ 52 ተማሪዎች ይማራሉ። ባለፈው ክረምት በገባው ውሃ 6 ዴስኮች ተበላሽተዋል። የተማሪ ወላጆች የጉልበት ሥራውንና ሞራሌውን ለመቻል በስብሰባ ተስማምተዋል። ስለሆነም ጽ/ቤቱ 14 ቆርቆሮ ከነምስማሩና ጎማው ከክረምቱ በፊት እንዲያሟላልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ፣ ስምና ማህተም)
ርዕሰ መምህር

አባሪ፦ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ 2 ገጽ
ግልባጭ፦ ለወላጅ ተማሪ መምህራን ህብረት

«ጉዳዩ» ላይ ሙሉ ታሪክ አይጻፍም። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ያን አንድ መስመር አይቶ ነው ደብዳቤውን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራ የሚያውቀው። ሌላው ሊታይ የሚገባው የወላጆች ድርሻ የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ባይኖር ጽ/ቤቱ አናጺም እንጨትም የተጠየቀ ይመስለዋል። ቃል መግባቱን የሚያሳየው ደግሞ አባሪ የሆነው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ያለ እሱ ወሬ ብቻ ነው።

ቀኑ ጥር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በጥር የተጻፈ ጥያቄ ከዘንድሮው በጀት የተረፈ ካለ ይደርስበታል፤ ባይደርስ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሰኔ ላይ የተጻፈ ግን ሁለቱንም ያመልጠዋል፤ ዝናቡም ይቀድመዋል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይወሰዳል። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል። ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ ወደ ት/ቤት መመለስ ነው። ወር ሁለት ወር ቆይቶ መልስ ከጠፋ የማስታወሻው ደብዳቤ «በቁጥር 041/17 በቀን ጥር 12/2017 ዓ.ም በጻፍነው ደብዳቤ መጠየቃችን ይታወሳል» ብሎ ይጀምራል። ያኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «አልደረሰንም» ከማለቱ በፊት ፋይሉን ያወጣል።