ሠላሳ ቀን በአንድ ጭብጥ፦ ስለ ትዕግሥት የሚጻፉ አጫጭር የጸሎት ግጥሞች አደረጃጀት

መግቢያ

አንድ ጸሐፊ ስለ ትዕግሥት አንድ አጭር የጸሎት ግጥም ለመጻፍ ቢነሣ ሥራው እምብዛም አይከብደውም። ሠላሳ ለመጻፍ ሲነሣ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይገለጣል። ስንኞቹ እርስ በርሳቸው መመሳሰል ይጀምራሉ፤ ምስጋናው ወደ ምክር፣ ምክሩም ወደ ወቀሳ ይለወጣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምንጭ ማሳየትና ለመፍትሔው አንድ የአደረጃጀት መንገድ በናሙና አስደግፎ ማቅረብ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ተከታታይ ግጥሞችን አንድ የሚያደርጋቸው የጭብጡ ስም አይደለም፤ ጭብጡ ከቀን ወደ ቀን የሚጓዝበት መንገድ ነው።

ጭብጡን መክፈል

ለናሙና የተመረጠው መነሻ ንባብ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5፣ ከቁጥር 7 እስከ 11 ነው። ምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አምስት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ቀን ቢሰጣቸው ሠላሳ ይሞላሉ። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው። በአማርኛ ዘወትር «ትዕግሥት» እያልን የምንጠራው ነገር በግሪክኛው ምንባብ ውስጥ በሁለት ቃላት ተለይቷል። ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬና መከራ የተቀበሉት ነቢያት «ማክሮቲሚያ» በሚለው ቃል ቤተሰብ ይገለጣሉ፤ ይህም ቶሎ አለመቆጣትን፣ ልብን ማስፋትን ያመለክታል። ኢዮብ ግን «ሂፖሞኔ» በሚለው ይገለጣል፤ ይህም ከሸክም በታች ሆኖ ሳይሸሹ መቆየትን የሚያመለክት ነው።

ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ጸሐፊ ሠላሳውን ቀን አንዱን ትዕግሥት ብቻ ሲደጋግም ይከርማል። ያስተዋለው ግን አምስት የተለያዩ ሰዎችን ያገኛል። ከ1 እስከ 6 ያሉት ቀናት የዘሪው፣ ከ7 እስከ 12 ያሉት ሰብሉን ነቅቶ የሚጠብቀው፣ ከ13 እስከ 18 ያሉት በባልንጀራው ላይ የሚያጉረመርመው፣ ከ19 እስከ 24 ያሉት የነቢያት፣ ከ25 እስከ 30 ያሉት ደግሞ የኢዮብ ይሆናሉ። በየክፍሉ የሚናገረው ሰው ስለሚለወጥ ድምፁም አብሮ ይለወጣል።

ምስሉን ወደ አገር ማምጣት

ያዕቆብ የጠቀሳቸው የፊተኛውና የኋለኛው ዝናብ የምድረ እስራኤል ዝናቦች ናቸው። የፊተኛው ለመዝራት ያበቃል፤ የኋለኛው ያንኑ ሰብል ፍሬ እንዲሞላ ያደርጋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እነዚህን በበልግና በክረምት ለመተካት ቢፈተን አይደንቅም። ነገር ግን በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የበልግ ሰብልና የመኸር ሰብል የተለያዩ በመሆናቸው፣ ሁለት ዝናብ አንድን ዘር የሚያሳድግበት ቁም ነገር ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ጤፍ የሚዘራው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ የሁለቱን ዝናብ መንገድ አይጓዝም። ይህን መንገድ የሚጓዘው በሚያዝያ አካባቢ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ፣ ክረምቱን አሳልፎ፣ በኅዳር አካባቢ የሚታጨደው ረጅም ዕድሜ ያለው ማሽላ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ክፍል የሚስማማው ሰብል ማሽላ ይሆናል።

ሰብሉ ከታወቀ የስድስቱ ቀናት ቅደም ተከተል በራሱ ይመጣል። በ1ኛው ቀን መዝራት፣ በ2ኛው ሰማይን ማየት፣ በ3ኛው ከአፈር በታች ያለው ዘር፣ በ4ኛው ሽልሻሎ፣ በ5ኛው የዝናቡ መቋረጥ፣ በ6ኛው የመዝጊያ ጸሎት። ሽልሻሎ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ገበሬው በበቀለ ማሽላ መካከል ማረሻ እያስገባ አረሙን ይነቅላል፤ የበዛውን ቡቃያም ያሳሳል። ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስል በቀላሉ አይገኝም፤ ጸሐፊውም ይህን በግልጥ መናገር አያስፈልገውም። የሁለተኛው ክፍል ቦታ ደግሞ ማማው ነው፤ ሰብሉ ፍሬ በያዘ ጊዜ ወፍ የሚጠበቅበት፣ መድረሱ የቀረበ ቢሆንም እንቅልፍ የማይፈቀድበት።

የስንኙ ቅርጽና የቃሉ ቁጠባ

ለዕለታዊ ንባብ ሁለት ስንኝ ይበቃል። በግእዝ ቅኔ ውስጥም አጭሩ ዓይነት ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት መሆኑ፣ በዚህ መጠን ሙሉ ሐሳብ መያዝ እንደሚቻል ያስረዳል። እዚህ የተመረጠው ልክ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። በየክፍሉ መጨረሻ፣ ማለትም በ6፣ በ12፣ በ18፣ በ24 እና በ30ኛው ቀን፣ ግጥሙ ወደ አራት ስንኝ ያድጋል። አንባቢው አንድ ክፍል መዘጋቱን በጆሮው ያውቃል።

ከቅርጹ ጋር አንድ ሕግ አብሮ ይሄዳል፦ «ትዕግሥት» የሚለው ቃል በእነዚህ አምስት የመዝጊያ ግጥሞች ውስጥ ብቻ ይገባል። ምክንያቱን ሰምና ወርቅን የሚያውቅ አንባቢ አያጣውም፤ ወርቁ በየዕለቱ በስሙ ከተጠራ ሰሙ ሥራ ይፈታል። ሁለት ግጥሞችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ሕጉን የጣሰ ነው፦

ትዕግሥት ታላቅ ነገር፣ ታገሡ ሁልጊዜ፣
ታጋሽ ደስ ይለዋል፣ ይርቀዋል ትካዜ።

ልኩም ቤት አመታቱም ትክክል ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ቀኑን ለመወሰን ሲሞከር ነው፤ በ1ኛውም በ17ኛውም በ29ኛውም ቀን ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው ለ1ኛው ቀን የተጻፈ ነው፦

ማሽላዬን ዘራሁ፣ በሚያዝያ ጠብታ፣
የኅዳሩን ፍሬ፣ ለአንተ ትቼ ጌታ።

እዚህ የጭብጡ ስም የለም፤ በሚያዝያና በኅዳር መካከል ያለው ርቀት ግን ትዕግሥቱን ይናገራል። ግጥሙ ሊቀመጥ የሚችለውም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ክፍል ትዕግሥቱ ከዝናብ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው። ያዕቆብ እርስ በርስ እንዳይንጐራጐሩ ሲያስጠነቅቅ ፈራጁ በደጅ መቆሙን ያስታውሳል። ለ15ኛው ቀን የተጻፈው ናሙና ይህን ደጅ ይወስዳል፦

የወንድሜን በደል፣ ስዘረዝር ባፌ፣
ዳኛው ቆሞ ሰማኝ፣ በገዛ ደጃፌ።

ተናጋሪው ሌላውን አይመክርም፤ የተያዘው ራሱ ነው። በጸሎት ግጥም «አንተ ታገሥ» ከማለት ይልቅ «እኔ አልታገሥሁም» ማለት አንባቢውን አብሮ ያስጸልያል።

የነቢያት ክፍል ስድስት ነቢያትን መዘርዘር አይኖርበትም፤ አንድ ታሪክ ቢሰፋ ይመረጣል። ኤርምያስ በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ንጉሡን ለምኖ ያወጣዋል፤ ገመዱ እንዳይጐዳውም አሮጌ ጨርቅ በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ይነግረዋል። ከጉድጓዱ፣ ከገመዱ፣ ከጨርቁና ከሚስቡት እጆች አራት ቀን ይወጣል። የሚታገሠውን ሰው የሚደግፍ ሌላ ሰው እንዳለ የሚያሳየውም ይህ ክፍል ነው።

የኢዮብ ችግር

ተከታታዩ ከሁሉ ይልቅ ሊሰናከል የሚችለው በመጨረሻው ክፍል ነው። በትዕግሥት ምሳሌነት የሚታወቀው ኢዮብ በሁለተኛው ምዕራፍ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ግን የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ረጅም ምዕራፎች በክርክርና በእንጉርጉሮ የተሞሉ ናቸው። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አልተነቀፉም፤ መከራውን ለማስረዳት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን በመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔር ይገሥጻቸዋል። ይህ ለጸሐፊው ቀጥተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ግጥሙን የሚያነበው ሰው ምናልባት ልጁን የቀበረ፣ ወይም ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው የመከራውን ምክንያት የሚያብራራ ስንኝ የወዳጆቹን ስሕተት ይደግማል።

ስለዚህ ከ25 እስከ 30 ባሉት ቀናት ቢያንስ አንዱ እንጉርጉሮ መሆን ይኖርበታል፤ መልስም ሊከተለው አይገባም። ለ28ኛው ቀን የሚከተለው ቀርቧል፦

ለምን ብዬ ጮኽሁ፣ ሌሊቱ ሲረዝም፣
እንቅልፍ ቢተወኝም፣ አንተን ግን አልተውሁም።

የ29ኛው ቀን ግጥምም ማብራሪያ አይሰጥም፤ ከዐውሎ ነፋስ የመጣው ቃል ራሱ በጥያቄ ላይ ጥያቄ ነበርና። በ30ኛው ቀን ሌላ ፈተና አለ። ኢዮብ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ እንደ ተመለሰለት ተጽፏል፤ በዚህ ብቻ መዝጋት ግን ትዕግሥትን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። ያዕቆብ የሚያተኩረው በጌታ ምሕረት ላይ እንጂ በከብቱ ብዛት ላይ አይደለም። የመዝጊያው ግጥም የመጨረሻ ሁለት ስንኞች በዚህ መንፈስ ወደ ዘሪው ይመለሳሉ፦

የዘራሁት ሌላ፣ የሰጠኸኝ ሌላ፣
እጄ ባዶ ሳለ፣ ልቤ ባንተ ሞላ።

የቀን አቆጣጠርና ሁለት መፈተኛዎች

ግጥሞቹ በሳምንቱ ቀን ወይስ በወሩ ቀን ይቀመጡ? ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ ስንክሳር በወርና በቀን። የኢትዮጵያ ወር ሁልጊዜ ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ ከጳጕሜን በቀር፣ ሁለተኛው መንገድ ለእንዲህ ያለው ሥራ ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት ይስማማል። ሦስት ቀን ያመለጠው አንባቢም ወደ ኋላ ሳይመለስ የዕለቱን ቀን አይቶ ይቀጥላል። ሆኖም የመዝጊያው ግጥም በየጊዜው በተለያየ የሳምንት ቀን ይውላል። እሑድ ዕረፍት እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ሰኞ ጀምሮ ሠላሳውን በአምስት ሳምንት መጨረስ ይችላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል ቅዳሜ ይዘጋል።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ሁለት መፈተኛዎች በቂ ናቸው። አንደኛው የብቻነት ነው፦ ከመካከል አንድ ግጥም አውጥቶ ተከታታዩን ላላየ ሰው ማስነበብ። ያለ ጎረቤቶቹ ካልገባው ግጥሙ ገና አላለቀም። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነው፦ ከአንድ ክፍል ስድስቱን ቀላቅሎ አንባቢው እንዲደረድራቸው መጠየቅ። ከየትኛውም ቦታ ቢቀመጡ ልዩነት ካላየ ያሉት ስድስት ግጥሞች እንጂ ተከታታይ አይደሉም።

ማጠቃለያ

የቀረበው መንገድ ወሰን አለው። ከአንድ ምንባብ ስለሚነሣ የምንባቡን ያህል ብቻ ይሰፋል፤ አምስት ሰዎችን የማይሰጥ ንባብ ሌላ ክፍፍል ይፈልጋል። ደግነትን ወይም ትሕትናን ለመሳሰሉ ጭብጦች ግን የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው፦ አስቀድሞ በአንዱ ቃል ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ነገሮች መለየት፣ ለእያንዳንዱ የሚናገር ሰውና ቦታ መስጠት፣ የጭብጡን ስም መቈጠብ፣ በመጨረሻም እንጉርጉሮው የሚገባበትን ቀን ባዶ አድርጎ መተው።