«የሰው ስህተት» ለሚል መደምደሚያ ምን እንጻፍ? ለቤተ ሙከራ ዘገባዎች የሚሆን የአስተያየት ቋት አዘገጃጀት

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በደምቢያ ሜዳ ላይ በምትገኘው ቆላ ድባ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። የሐይቁ ወለል እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው የከባቢ አየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት በአካባቢው ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የፍሌት ነጥብን የለካ የተማሪዎች ቡድን ውጤቱን ከመማሪያ መጽሐፉ ቁጥር ጋር ሲያነጻጽር የ6 ዲግሪ ልዩነት ያገኛል። ብዙ ጊዜም በመደምደሚያው ላይ «ልዩነቱ የመጣው በሰው ስህተት ነው» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ደግሞ በኅዳጉ ላይ «አብራሩ» ወይም «በርቱ» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ቃል ምን እንደሚብራራ አይናገርም፤ ሁለተኛው መልካም ምኞት ነው፤ ተማሪው ግን ከሁለቱም የሚሠራው ነገር አያገኝም።

በርካታ ዘገባ የሚያርም መምህር ለእያንዳንዱ አዲስ ማብራሪያ እንዲጽፍ መጠበቅ አይቻልም። መፍትሔ ሆኖ የሚቀርበው የአስተያየት ቋት ነው። ይህም አስቀድመው የተጻፉና ተመሳሳይ ችግር በታየ ቁጥር የሚመዘዙ አስተያየቶች ስብስብ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «አብራሩ» የሚለው ቃል በቋት ውስጥ ቢቀመጥም ያው «አብራሩ» ነው። ስለዚህ ጥያቄው በቋቱ ውስጥ የሚገባው አስተያየት እንዴት ይጻፍ የሚለው ይሆናል። አውስትራሊያዊው ሮይስ ሳድለር በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ተማሪው እንዲሻሻል የሚፈለገውን ደረጃ ማወቅ፣ የራሱን ሥራ ከዚያ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱን የሚያጠብ ሥራ መሥራት እንዳለበት አስረድተዋል። ከታች ያለው የማሳያ አስተያየት ይህንኑ ይከተላል።

«ሠንጠረዣችሁ ቴርሞሜትሩ በአራት ተከታታይ ንባቦች 94 ላይ እንደቆመ ያሳያል፤ ይህ ውሃው በእርግጥ መፍላቱን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቴርሞሜትሩ እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ ስለሚነበብ የ6 ዲግሪ ልዩነት ከዓይን ስህተት ሊመጣ አይችልም። የቆላ ድባን ከፍታ ፈልጉና ከ100 ላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ አስሉ። ያገኛችሁትን ከ94 ጋር አነጻጽራችሁ መደምደሚያውን እንደገና ጻፉ።»

እዚህ ላይ ምስጋናው የተሰጠው በሠንጠረዡ ውስጥ ለሚታይ ነገር ነው። ደግነቱም የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ መምህሩ ሥራውን እንዳነበበ ተማሪው ያውቃል። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ በአንድ ምሽት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ያዛል። ጉድለቱ ለአንድ ሙከራ ብቻ የተጻፈ መሆኑ ነው። ለሌላው ሙከራ ሌላ፣ ለሌላው ደግሞ ሌላ ከተጻፈ ቋቱ ይንዛዛል፤ መምህሩም የሚፈልገውን ከማግኘት ይልቅ ለእጁ የቀረበውን ይመዝዛል።

በብዙ ሙከራዎች ላይ የሚያገለግለው የአቅጣጫና የመጠን ጥያቄ ነው። «ንባባችሁ __ ነው። ምክንያት ብላችሁ የጠቀሳችሁት ነገር ንባቡን ወደ ላይ ይወስደዋል ወይስ ወደ ታች? በምን ያህል? ሁለቱን በአንድ መስመር መልሱና ከልዩነቱ ጋር የማይስማማውን ምክንያት ሰርዙ።» ለምሳሌ አንድ ቡድን «ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው የፍሌት ነጥብን ከፍ እንጂ ዝቅ እንደማያደርግ ጥያቄው ራሱ ወደ መጽሐፉ መልሶ ያሳየዋል። ንባቡ 91 የሆነበት ቡድን ደግሞ ከፍታውን ካሰበ በኋላም 3 ዲግሪ ይቀረዋል። የሟሟ አየር አረፋ ሲወጣ ውሃው ፈላ ብሎ አንብቦ እንደሆነ፣ ወይም ቴርሞሜትሩ በሚገባ አልጠለቀ እንደሆነ፣ መመርመር ያለበት ይህኛው ነው።

ሰረዙ ባዶ የተተወው በምክንያት ነው። መምህሩ ከዚያው ዘገባ አንድ ቁጥር ወይም አንድ ሐረግ ሳያነሣ አስተያየቱን መላክ የለበትም። ዘገባዎቹ በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ቦታ ይህን ግዴታ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊያስከብረው ይችላል። ኮዱ በ`B2`፣ መሙያው በ`C2`፣ ቋቱ ደግሞ `bank` በተባለ ገጽ ላይ ቢሆን፦

```
=IF(C2="","ባዶ ቦታው አልተሞላም",SUBSTITUTE(VLOOKUP(B2,bank!A:B,2,FALSE),"__",C2))
```

በወረቀት ለሚሠራ መምህር ያው ሐሳብ በታተሙ ቁራጭ ወረቀቶች ይፈጸማል፤ ሰረዙን በእጁ ሞልቶ ከዘገባው ጋር ያያይዘዋል።

በአማርኛ የሚጻፍ ቋት በእንግሊዝኛው የማይገጥም አንድ ችግር አለበት። «ጻፍ» ወይም «ጻፊ» ሳይመረጥ ለአንድ ተማሪ ማዘዝ አይቻልም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ይጻፍ»፣ «ይታረም» ወደሚለው ይሸሻሉ፤ በእኔ ግምት ይህ የቢሮ ደብዳቤ ቅዝቃዜ አለው፤ ታዛዡ ማን እንደሆነም ይደብቃል። ሙከራው በቡድን ሲሠራ «እናንተ» ችግሩን ይፈታዋል። ዘገባው የግል ከሆነ ግን የታየውን ነገር የሚገልጸውን ክፍል ሠንጠረዡን ወይም ግራፉን ባለቤት አድርጎ መጻፍ፣ የትእዛዙን ዓረፍተ ነገር ብቻ በሁለት ዓምድ ለወንድና ለሴት ማዘጋጀት ይበቃል። ሥራውን ባለቤት ማድረጉ ሌላም ጥቅም አለው፤ «ግራፉ የአሃድ ስም ይጎድለዋል» የሚለው «አሃድ ረስተሃል» ከሚለው ይልቅ ሰውን ሳይነካ ያርማል።

ቋቱ ሊመልሰው የማይገባ ዘገባም አለ። በቆላ ድባ ከፍታ ላይ በትክክል 100 ዲግሪ ያነበበ ቡድን ምናልባት ቁጥሩን ከመጽሐፉ ወስዶታል፤ ምናልባትም ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ነው። የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ አይታወቅም። እዚህ ቦታ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር መላክ ክስ ይመስላል። ቡድኑን ከጥሬ ንባቦቹ ጋር ጠርቶ ያንኑ ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ ውስጥ አብሮ መክተት ይሻላል። መሣሪያው 94 ካሳየ ንግግሩ ስለ መዝገብ አያያዝ ይሆናል፤ 100 ካሳየ ደግሞ ተማሪዎቹ የመሣሪያ ጉድለት አግኝተዋል ማለት ነው።

የሚመለስበት ጊዜም ይወስናል። ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች፣ ነጥብ ወይም ነጥብና አስተያየት አብሮ ከተሰጣቸው የተሻለ ሠርተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አስተያየቱ ቢመለስ፣ የታረመው መስመር ከቀረበ በኋላ ነጥቡ ቢሰጥ ይመረጣል። አንድ አስተያየት ከግማሽ በላይ ለሆኑት ዘገባዎች ከተመዘዘ ደግሞ ጉድለቱ በመመሪያው ወረቀት ወይም በትምህርቱ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ያንን በሰሌዳ ላይ አስተምሮ ከቋቱ ማውጣት ይገባል።

አስተያየቱ መሥራቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ሙከራ ነው። በፔንዱለም የስበት ፍጥንጥነት ሲለካ ተማሪዎች ክሩን ብቻ ለክተው የኳሷን ግማሽ ስፋት ይተዋሉ። ክሩ 50 ሴንቲሜትር፣ የኳሷ ሬዲየስ 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ውጤቱ በ2 በመቶ ያህል ያንሳል። የፍሌት ነጥቡን ዘገባ ያረመው ቡድን በዚህኛው መደምደሚያ ላይ «ውጤቱን ያሳንሰዋል፣ በ2 በመቶ ያህል» የሚል መስመር ማንም ሳይጠይቀው ከጻፈ፣ ያንን አስተያየት ለእርሱ ዳግመኛ መምዘዝ አያስፈልግም።