ምዕራፍ ሰባት፦ «ዕቃ መረከብና ማስረከብ» ብሎ መጻፍ ለምን አያስቀጥርም?

የመጋዘን ኃላፊዎች ሲቪ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። «ገቢ ዕቃዎችን መረከብ። በአግባቡ ማስቀመጥ። በጥያቄ መሠረት ማስረከብ። ወርኃዊ ሪፖርት ማቅረብ። ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን።» ይህ የሰውዬው ሥራ ሳይሆን የሥራ መደቡ ዝርዝር ነው። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ጎበዝም ሰነፍም ያንኑ ይጽፋል፤ መራጩም ሁለቱን መለየት አይችልም።

ጥፋቱ የአመልካቹ ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይገልጻል። እንዴት እንደ ሠሩ ግን አይናገርም። አመልካቹ ደብዳቤውን አይቶ ሲቪውን ይጽፋል፤ ደብዳቤው የማይናገረውን ሲቪውም ሳይናገር ይቀራል።

እኔ አጥብቄ የማምንበትን መድኃኒት ከአንድ የቢቸና ወዳጄ ታሪክ ጋር ልንገራችሁ። ይህ ሰው በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ለአራት ዓመት ኃላፊ ነበር። ማዳበሪያ ከጅቡቲ በተሳቢ ይመጣል፤ እሱ ይረከባል፤ ከዚያ በአይሱዙ ወደ መሠረታዊ ማኅበራቱ ይሄዳል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለደብረ ማርቆስ የሎጂስቲክስ ኦፊሰር ሲፈልግ ማመልከት አሰበና አሥራ አንድ መስመር ያለው ሲቪውን ይዞ መጣ። አሥራ አንዱም በ«መረከብ»፣ በ«ማስቀመጥ»፣ በ«መከታተል» ያለቁ ናቸው።

መጀመሪያ ሲቪውን አስቀምጠን ማስታወቂያውን አነበብን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የራሱን ወረቀት ማሳመር ይጀምራል እንጂ የተጠየቀውን አይቆጥርም። ማስታወቂያው ረጅም ነበር፤ የድርጅቱ ታሪክና የሥነ ምግባሩ መግለጫ ሲወጣለት ግን የቀረው ጥያቄ አራት ብቻ ነው፦ የክምችት መዝገብ ከቆጠራ ጋር እንዲታረቅ ማድረግ፣ ብክነትን መቀነስና ማሳወቅ፣ የገቢና የወጪ ጭነት ማቀናጀት፣ የክምችት ሶፍትዌር መጠቀም። እነዚህን በወረቀት በግራ በኩል ጻፍናቸው። በቀኝ በኩል መሞላት ያለበት «ይህን ሠርቻለሁ» የሚል ቃል አይደለም። ቁጥርና ቁጥሩ የተገኘበት ወረቀት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ቁጥር የለኝም» አለኝ። የመጋዘን ሰው ቁጥር የለኝም ሲል ይገርመኛል። ሞዴል 19 የገባውን፣ ሞዴል 20 የተጠየቀውን፣ ሞዴል 22 የወጣውን በየቀኑ ሲፈርም የኖረ ሰው ነው። ቁጥሩ አለው፤ ስለ ራሱ መናገር ግን ያፍራል። እኛ ጎጃሞች ጎበዝ ሠራተኛን «ዝም ብሎ ይሠራል» ብለን እናሞግሳለን። ለሽማግሌ ዳኝነት ደግ ነው፤ ለሲቪ ግን አይሆንም።

ስለዚህ የሰኔ 30 ቆጠራን ቃለ ጉባኤ አስታወስኩት። በመጋዘን ሕይወት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ ከውጭ የመጣ ኮሚቴ ቆጥሮ የፈረመበት ነውና። የቀድሞ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዶ ለማየት ሄደ፤ የፈለገውን ቁጥር ብቻ በማስታወሻው ጽፎ ተመለሰ። ሰነድ ፎቶ አንስቶ መውጣት፣ ይባስ ብሎም ከማመልከቻ ጋር አያይዞ መላክ ነውር ነው፤ የአሠሪውን ምስጢር ለሌላ የሚሰጥ ሰው የእኛንም ይሰጣል ያሰኛል።

የ2014 በጀት ዓመት ቁጥሩ እንዲህ ነበር። በሞዴል 19 የገባው 36,800 ከረጢት፣ ባለ 50 ኪሎ። በሞዴል 22 የወጣው 35,950። በመዝገብ መቅረት ያለበት 850፤ ተቆጥሮ የተገኘው 828። ጉድለቱ 22 ከረጢት ነው። ወዳጄ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ «ይሄማ ያዋርደኛል» አለ። ከሃያ ሁለቱ አሥራ አምስቱ ሲራገፉ ተቀደው የፈሰሱና በውሃ የጨቀዩ መሆናቸው በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል፤ ሰባቱን ከደመወዙ ከፍሏል።

ስሌቱን ግን አስተውሉ። ሃያ ሁለቱን በዓመቱ ለገባው 36,800 ካካፈልነው ጉድለቱ 0.06 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአንድ ሺህ ከረጢት አንድ እንኳ አይሞላም። በመጨረሻ መቅረት ለነበረበት 850 ካካፈልነው ደግሞ 2.6 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ማስታወቂያው ስለ ብክነት ሲጠይቅ፣ በእጅዎ ካለፈው ሁሉ ስንቱ ጠፋ ማለቱ ነውና የመጀመሪያው ስሌት ይሠራል። መዝገብና ቆጠራ ይታረቃል ወይ ሲል ደግሞ የመጀመሪያውን ማምጣት ማጭበርበር ነው፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው ከሚጠበቀው 850 ውስጥ 828ቱ መገኘቱ፣ ማለትም 97.4 በመቶ ነው። አካፋዩን ደብቆ «99.9 በመቶ ትክክለኛነት» የሚል ሲቪ ያየ ሎጂስቲክስ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ከምን ውስጥ?» የሚል ነው።

ስለ ብክነት የሚጠይቅ ማስታወቂያ በእርዳታው መስክ እንዲሁ የሚጻፍ አይደለም። በ2015 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ከታለመለት ሰው እጅ እየወጣ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር፤ ለወራት። ለተራበው ሰው የሆነውን መድኃኔ ዓለም ይወቀው። የተሰረቀው እህል ሁሉ በሰነድ ላይ «ተረክቧል» የሚል ፊርማ ነበረው ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ዕቃው ሳይደርስ ሞዴል ላይ ፈርም ሲባል የሚፈርም ሰው በየመጋዘናችን ስንት እንዳለ የምናውቀው እኛው ነን። ስለዚህ 22 ከረጢት ጉድለትን ከነምክንያቱ መዝግቦ ያሳወቀ ሰው፣ ጉድለት ኖሮብኝ አያውቅም ከሚለው ይልቅ ይታመናል።

አሁን ወደምወደው መድኃኒት መጣሁ፦ የበሩ መዝገብ። ጥበቃው መኪና ሲገባና ሲወጣ ሰሌዳና ሰዓት የሚጽፍበት ያ አሮጌ ደብተር ማለቴ ነው። ማንም ሲቪ ሲጽፍ ትዝ አይለውም። ወዳጄ በ2014 ወቅት አንድ ነገር ለውጦ ነበር፤ እንደ ቁም ነገር ስላልቆጠረው ግን በሲቪው የለም። ድሮ ተሳቢው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነበር ጫኝና አውራጅ የሚፈለገው። እሱ ግን ሹፌሮቹ ደጀንን ሲያልፉ እንዲደውሉለት አደረገ፤ መኪናው ቢቸና ሲደርስ አውራጆቹ ተሰብስበው፣ ፓሌቱ ተደርድሮ፣ ከረጢቱ የሚያርፍበት ቦታ ተለይቶ ይጠብቃል። የበሩን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ከመግባት እስከ መውጣት በ2013 በአማካይ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በ2014 ደግሞ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኖ አገኘው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ጥሩ ጥሩውን መኪና መርጦ መቁጠር አይገባም፤ ዝናብ የያዘውም፣ ሰነዱ የጎደለውም በሁለቱም ዓመት ይግባ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የምን እንደሆነ ይነገር። የበር መዝገብ የማራገፊያ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ምሳና የወረቀት ጥበቃም አለበት። «የማራገፊያ ጊዜ ቀነስኩ» ከማለት «ተሳቢ በግቢ የሚቆይበትን ጊዜ» ማለት ይሻላል። ይህ ትንሽ ቃል ፈተና ላይ ያድናል።

አራተኛው ጥያቄ፣ ሶፍትዌሩ፣ ባዶ ቀረ። ወዳጄ የሚያውቀው ቢን ካርድና ኤክሴል ነው። ያንኑ ጻፍን፤ አለቀ።

ባዶውን በውሸት መሙላት ምን እንደሚያመጣ ከሞጣ የሰማሁት አለ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሲቪውን ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰጠ። ጸሐፊዋ ከሌላ ሰው ፋይል ቀድታ «ኤስኤፒ» የተባለውን የክምችት ሶፍትዌር ልምድ ጨመረችለት፤ ዋጋዋንም ተቀበለች። ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ጠያቂው በዚያ ሶፍትዌር ላይ ዕቃ ገቢ ሲያደርጉ መጀመሪያ ምን ይከፍታሉ አለው። ሰውየው «ኮምፒውተሩን» ብሎ መለሰ። ያ ሰው ከረጢት ቆጠራ ላይ እኔ ነኝ ያለውን ሁሉ የሚያስከነዳ ነበር፤ ስለዚያ የጠየቀው ግን አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ከዚያች ቃል በኋላ አልተሰማም። ጽሕፈት ቤቶቻችን ለአንድ ገጽ ገንዘብ ተቀብለው የሰው እንጀራ የሚዘጉበትን ነገር አንድ ቀን ከንቲባ ቢያየው ደስ ይለኛል።

የወዳጄ አሥራ አንድ መስመር ወደ አራት ወረደ። «ገቢ ዕቃዎችን መረከብ» የነበረው እንዲህ ሆነ፦ «በ2014 በጀት ዓመት 36,800 ከረጢት ማዳበሪያ ተረክቤ፣ ለመሠረታዊ ማኅበራት 35,950 አሠራጨሁ፤ በቆጠራ የተገኘው ጉድለት 22 ከረጢት (ከገቢው 0.06 በመቶ) ከነምክንያቱ ተመዝግቦ ቀርቧል።» «ጭነት መከታተል» የነበረው፦ «ሹፌሮች ከደጀን አስቀድመው እንዲደውሉ በማድረግ፣ ባለ 400 ኩንታል ተሳቢ በግቢ የሚቆይበትን አማካይ ጊዜ ከ6፡40 ወደ 4፡10 ሰዓት አወረድኩ፤ ምንጭ፦ የበር መዝገብ።» ስለ መዝገብና ቆጠራ መታረቅ 97.4 በመቶው ከ850 ከረጢት ጋር፣ ስለ ሶፍትዌር ቢን ካርዱና ኤክሴሉ ገባ። «ሌሎች ተግባራት» የሚለው ተሰረዘ፤ እሱን አይቶ የቀጠረ ሰው አላውቅም።

ዘመኑን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ማስታወቂያው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ የ2014 በጀት ዓመት ከሐምሌ 2021 እስከ ሐምሌ 2022 ይጻፋል። ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር ካልተገጣጠመ ፋይሉ እዚያው ይወድቃል።

የቀረው ምስክር ነው። ስልኩን በሲቪ ላይ የሚያሰፍሩት የቀድሞ አለቃ ቁጥሮቹን አስቀድሞ ያንብባቸው። ወዳጄ ይህን ለማድረግ ሰነፈ፤ ጨቅጭቄ ላክሁት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይቶ «ሃያ ሁለቱ ልክ ነው፤ የሰዓቱን ነገር ግን እኔ አላውቅም፣ የጥበቃ ኃላፊውን ስልክ ጨምር» አለው። ጨመረ። ከድርጅቱ ሲደወል መጀመሪያ የተደወለው ለጥበቃው ነበር።